ማታና ቅዳሜና እሁድ መልእክት ለሚልክ የቅጥር ወኪል በጨዋነት ወሰን ማበጀት እንዴት ይቻላል?

ማለዳ

ጤና ይስጥልኝ። በሂሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እየሠራሁ ሌላ ሥራ እየፈለግሁ ነው። አንዲት የቅጥር ወኪል የሥራ ልምዴን አይታ አነጋገረችኝና እስካሁን ለሁለት ድርጅቶች አቅርባኛለች። ሥራዋን ታውቃለች፤ ስለ ድርጅቶቹ የምትነግረኝም እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ችግሩ ሰዓቷ ነው። የምትጽፍልኝ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ ያውም በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ «ሰላም» ብቻ ይመጣል። ከዚያ «አንድ ጥያቄ ነበረኝ» ትላለች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጥያቄው ይደርሳል፤ «ሥራ ለመልቀቅ የስንት ጊዜ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብሽ?» የሚል። ይህ እስከ ነገ መቆየት ያልቻለው ለምንድን ነው? ቅዳሜ ደግሞ ረጅም የድምፅ መልእክት ትልካለች፤ ቁም ነገሩን ለማግኘት እስከ መጨረሻው መስማት ግድ ነው።

ስልኬን ዘግቼ መተኛት አልችልም፤ እናቴ ታማለች፣ ሌሊት ሊደወልልኝ ይችላል። ስለዚህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል፤ ሳየው ግን እሷ ናት። ሥራውን እፈልገዋለሁ፤ ወኪሏንም ማስቀየም አልፈልግም። «ይህቺ አስቸጋሪ ናት» ብላ ከዝርዝሯ ሳታወጣኝ ሰዓቷን እንድታስተካክል እንዴት ልንገራት? ምን ብዬ፣ መቼ ልጻፍላት?

ፍትሕ ለሠራተኛ

እህቴ፣ ይህ የምትለምኚው ነገር አይደለም፤ መብትሽ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከሥራ ሰዓት ውጭ ግንኙነት የማቋረጥን መብት በሕግ አውቃለች። ፖርቱጋል በ2021 አሠሪዎች ሠራተኛን በዕረፍት ሰዓቱ እንዳያነጋግሩ የሚያዝ ሕግ አውጥታለች፤ አውስትራሊያም በ2024 ተከትላለች። ዓለም ወዴት እየሄደ እንደሆነ ንገሪያት። «ከሥራ ሰዓት ውጭ መጻፍ ሕጋዊ አይደለም» ብለሽ አንድ መስመር ጻፊላት፤ ያኔ ታቆማለች።

የቀድሞ ወኪል

ወንድሜ ፍትሕ፣ የጠቀስካቸው ሕጎች እውነት ናቸው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አይሆኑም። ሁሉም የሚገዙት በአሠሪና በሠራተኛው መካከል ያለውን ግንኙነት ነው። ማለዳ የወኪሏ ሠራተኛ አይደለችም፤ ሥራ ፈላጊ ናት። የአውስትራሊያው ደግሞ ለሠራተኛው እንኳ የሚሰጠው ያለማየትና ያለመመለስ መብት ነው እንጂ መልእክት መላክን በደፈናው አይከለክልም፤ እምቢታውም ያለ በቂ ምክንያት መሆን የለበትም። ስለዚህ ሕግ ጠቅሳ ብትጽፍላት ወኪሏ ሁለት ነገር ትረዳለች፦ ሕጉ እንደማይመለከታትና ይህቺ ሰው በትንሽ ነገር ወደ ክርክር እንደምትሄድ። ሁለተኛው ይጎዳታል።

እኔ በወኪልነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነኝ። ወኪሎች ለምን ማታ እንደሚጽፉ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱን ካላወቃችሁ መልሱ አይገኝምና። በኤጀንሲ የሚሠራ ወኪል ብዙውን ጊዜ ክፍያ የሚያገኘው ያቀረበው ሰው ሲቀጠር ብቻ ነው። አንድ ክፍት ቦታ ለሁለትና ለሦስት ኤጀንሲዎች ሊሰጥ ይችላል፤ ያንኑ ሰው ቀድሞ ያቀረበው ነው የሚጠቀመው። ድርጅቶች ደግሞ አስተያየታቸውን የሚልኩት በሥራ ቀን መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ላይ ጥሩ ጥሩ ዕጩዎች ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ስለሆኑ ቀን አይመልሱም፤ ማታ ነው የሚገኙት። እነዚህ ነገሮች ተደማምረው ወኪሉ ከእራት በኋላ ስልኩን ይዞ ቁጭ ይላል።

ብዙዎቹ መልስ የሚጠብቁት ያኔውኑ አይደለም። ሐሳቡ ሲመጣላቸው እንዳይረሱት ይጽፉታል። ማታ የሚመልስላቸውን ሰው ግን ያስታውሱታል፤ እኔ ራሴ ከዕጩው ስም አጠገብ «ማታ ይገኛል» ብዬ እመዘግብ ነበር። ማለዳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ እስካሁን መልስ ስትሰጫት የነበረው በስንት ሰዓት ነው?

ማለዳ

ማታ ነው። ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛችን የጋራ ስለሆነ ቀን ላይ ስለ ሌላ ሥራ መጻጻፍ አልችልም። ቤት ገብቼ፣ እናቴን አስተኝቼ ነው የምጽፍላት።

የቀድሞ ወኪል

እንግዲያው እሷ ያወቀችው ሰዓት ያ ነው። ጥፋት አይደለም፤ ሌላ ሰዓት አልተነገራትም። ይህ ደግሞ ሥራሽን ያቀለዋል፤ የምትቀይሪው የእሷን ጠባይ ሳይሆን የመገናኛ ሰዓቱን ነው።

ስልክ አዋቂ

ምንም መጻፍ ሳያስፈልግ በስልኩ ቅንብር ይፈታል። ዋትስአፕ ከሆነ Settings ውስጥ ገብተሽ Privacy የሚለውን ክፈቺ፤ Read receipts የሚለውን አጥፊው። ከዚያ በኋላ ማየትሽን የሚያሳየው ሰማያዊ ምልክት አይወጣም። Last seen and online የሚለውንም ዝጊው። መስመር ላይ መሆንሽን ካላወቀች አትጽፍም። የእሷን መልእክት ብቻ ድምፅ አልባ ማድረግ ይቻላል፤ ለ8 ሰዓት፣ ለአንድ ሳምንት ወይም ለዘለቄታው ብሎ ያስመርጥሻል። አልቋል።

የቀድሞ ወኪል

ስልክ አዋቂ ከተናገረው የመጨረሻው ጠቃሚ ነው፤ ማለዳ ዛሬውኑ ታድርገው። የወኪሏን ውይይት ብቻ ድምፅ አልባ ማድረግ የእናቷን ጥሪ አይነካም፤ ስለዚህ ሌሊት የሚጮኸው ስልክ የሚያስፈልጋት ብቻ ይሆናል። የልብ ድንጋጤው ከዚህ በኋላ መቀጠል የለበትም።

የቀረው ግን ችግሩን ይደብቀዋል እንጂ አይፈታውም። የማንበቢያ ምልክቱን ስታጠፊ የሌሎችንም ማየት ያቆምሻል፤ ወኪሏ መልእክትሽን አይታ ይሁን ሳታይ ማወቅ አትችይም፤ ሥራ ለሚፈልግ ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ለድምፅ መልእክት ደግሞ አይሠራም፤ የድምፅ መልእክቱን ከከፈትሽው መስማትሽ ይታያታል። ከሁሉም በላይ ወኪሏ የምታየው ዝምታ ብቻ ነው። የተቀጠረ ሰው መቼ እንደሚመልስ ካልተናገረ ዝምታው «ፍላጎቱ ቀዝቅዟል» ተብሎ ይነበባል፤ ብዙ ዕጩ ሲጠፋብኝ ያየሁት በዚህ ነው። ወሰን ማለት መቼ እንደምትገኚ መናገር ነው፤ መጥፋት አይደለም።

ተግባር

እኔ በዚህ ሁሉ አልስማማም። አሁን ያለሁበትን ሥራ ያገኘሁት እሁድ ማታ ለመጣ መልእክት ወዲያው ስለመለስኩ ነው። ወኪሉ ሰኞ ጠዋት ስም ማስገባት ነበረበት፤ ከእኔ በፊት የጻፈለት ሰው አልመለሰም። ሥራ ፍለጋ ለጥቂት ወራት ነው፤ ለጥቂት ወራት ማታ መመለስ ምን ይጎዳል? ሥራው ከተገኘ በኋላ ወሰን ይበጃል። ማለዳ፣ እንደ እኔ ታገሺ።

ማለዳ

ተግባር፣ የምትለው ገብቶኛል፤ እኔም የምፈራው ይህንኑ ነው። ነገር ግን እስካሁን ማታ ከደረሱኝ መካከል በማግሥቱ ሊመለስ የማይችል አንድም አልነበረም። ስለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ስለምፈልገው ደመወዝ፣ ስለ አንድ የሂሳብ ፕሮግራም አጠቃቀም፣ «ድርጅቱ እስካሁን አልመለሰም» የሚል ዜና። ይኸው ነው።

እስቲ የጻፍኩትን እዩልኝ፦

«ጤና ይስጥልኝ። በጣም ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የሚቻል ከሆነ ማታ ማታና ቅዳሜና እሁድ መልእክት ባይልኩልኝ ደስ ይለኛል። የግል ሕይወቴን ስለሚረብሽብኝ ነው። ስለሚረዱኝ አመሰግናለሁ።»

አሁን ልላከው ወይስ ይስተካከል?

የቀድሞ ወኪል

አሁን አትላኪው። ለዚህ መድረክ የጻፍሽበትን ሰዓት ሳየው ከምሽቱ 5 ሰዓት ሊሆን ነው። «ማታ አልገኝም» የሚል መልእክት ማታ ከደረሳት ያነበበችው ቃሉን አይሆንም፤ ሰዓቱን ነው። ነገ በምሳ ሰዓት ላኪው።

ይዘቱም ይስተካከል። ጨዋ ነው፤ ግን መቼ እንዳትጽፍ ብቻ ነው የሚነግራት። መቼ ብትጽፍ እንደሚሻል የለበትም። ወኪል ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም፤ ሰዓት ካልተሰጠው የራሱን ይመርጣል። ሁለተኛ፣ ይቅርታው ከምስጋናው ጋር ተደምሮ መልእክቱን ልመና አድርጎታል፤ ልመና ደግሞ «እሺ፣ ግን ዛሬ ብቻ» የሚል መልስ ይጋብዛል። ሦስተኛ፣ ስለ ግል ሕይወት ምክንያት መስጠት አያስፈልግም። ምክንያት ስትሰጪ ምክንያቱ ይመዘናል፤ ሰዓት ስትሰጪ ግን የሚመዘን ነገር የለም። አራተኛ፣ በእውነት አጣዳፊ ነገር ቢመጣ ምን ታድርግ? ተግባር የነገረን ዓይነት ሁኔታ አልፎ አልፎ አለ። ለዚያ በር ካልተውሽላት ሁሉም ነገር አጣዳፊ ነው እያለች በዋናው በር ትገባለች።

እኔ ብሆን ከሥራው ጥያቄ እጀምራለሁ፤ ወሰኑን ከመልሱ ቀጥሎ አስገባዋለሁ። እንዲህ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ለጠየቁኝ፣ ሥራ ለመልቀቅ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ፤ ውል ከተፈራረምን ከአንድ ወር በኋላ መጀመር እችላለሁ። ለወደፊቱ እንዲመቸን፣ መልእክት አይቼ የምመልሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ በምሳ ሰዓት ከ6፡30 እስከ 7፡30፣ ከሥራ በኋላም ከ11፡30 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ከዚያ ውጭ የሚደርሰኝን በሚቀጥለው የሥራ ቀን እመልሳለሁ። የቃለ መጠይቅ ሰዓት በድንገት ከተቀየረ ወይም በማግሥቱ ጠዋት መልስ የሚፈልግ ውሳኔ ካለ ግን በመደበኛ የስልክ ጥሪ ይደውሉልኝ፤ አነሣለሁ።»

ለመደወል የሰጠናት ፈቃድ የሚያስገርማችሁ ትኖራላችሁ። ማታ መጻፍን የከለከልናት ሴት ማታ እንድትደውል ፈቀድንላት! ግን አስቡት፦ መልእክት መጻፍ ለላኪው ምንም ዋጋ የለውም፤ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ይላካል። ሌሊት ለማያውቁት ሰው መደወል ግን ያሳፍራል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ደውሎ «የማስጠንቀቂያ ጊዜሽ ስንት ነው?» የሚል ወኪል አላየሁም። ጥሪው አጣዳፊውን ካልሆነው ይለይልሻል፤ ለዪው የምትባይውም አንቺ አትሆኚም። ማለዳ ደግሞ በእናቷ ምክንያት ስልኳ ክፍት ስለሆነ የምትጨምረው ሸክም የለም። ስልኩን ዘግቶ የሚተኛ ሰው ግን ይህን አይጻፍ፤ «አነሣለሁ» ብሎ አለማንሣት ከሁሉም ይከፋል።

ማለዳ

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ የምጽፍበት ጊዜ የማገኘው ማታ ነው ብያለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ረጅም ነገር መጻፍ ካልቻልኩስ?

ስልክ አዋቂ

የምትገናኙት በቴሌግራም ከሆነ መፍትሔ አለው። መልእክቱን ማታ ጻፊው፤ የመላኪያውን ቀስት ግን ተጭነሽ ያዢው። Schedule message የሚል ምርጫ ይመጣል፤ የነገውን ቀንና 6፡45 ሰዓት ምረጪ። አንቺ ተኝተሽ ወይም ሥራ ላይ ሆነሽ በሰዓቱ ይሄዳል። የስልኩ ሰዓት በሌላ አቆጣጠር የተሞላ ከሆነ ግን ሰዓቱን በዚያው አቆጣጠር ምረጪ፤ 6፡45 ያልሽው ጠዋት ሊሆን ይችላል። ዋትስአፕ ከሆነ ማታ በማስታወሻ መዝግበሽ ምሳ ላይ ገልብጦ መለጠፍ ይበቃል።

ሮማን

እኔም ተመሳሳይ ችግር ስለነበረብኝ ልጻፍ። የእኔው ወኪል ወንድ ነው። መጀመሪያ ስለ ሥራ ነበር፤ በኋላ ማታ ማታ «አልተኛሽም?» «ምነው ዝም አልሽ?» ማለት ጀመረ። ፎቶዬን አይቶ አስተያየት ሰጠ። ስለ ሥራው ስጠይቀው «ተገናኝተን ብናወራው ይሻላል» ይላል፤ ቀኑ ደግሞ ሁልጊዜ ቅዳሜ ማታ ነው። ከላይ የተጻፈውን መልእክት እኔም ልላክለት? ሰዓት ብሰጠው ይስተካከላል?

የቀድሞ ወኪል

ሮማን፣ አንቺ አትላኪው። የአንቺ ጉዳይ የሰዓት ጉዳይ አይደለም፤ እነዚያ መልእክቶች ቀን 6 ሰዓት ላይ ቢመጡም ተገቢ አይደሉም። ሰዓት ስትሰጪው «በዚህ ሰዓት እንዲህ ማለት ይቻላል» ብለሽ የፈቀድሽ ይመስለዋል።

ከእንግዲህ ከእሱ ጋር የሚደረገው ግንኙነት በኢሜይል ይሁን፤ ከድርጅቱ የኢሜይል አድራሻ እንጂ ከግል አድራሻው አይሁን። አንድ መስመር ይበቃል፦ «ስለ ሥራው የሚኖረውን ሁሉ በድርጅትዎ ኢሜይል ይላኩልኝ፤ በዚህ መተግበሪያ አልቀጥልም።» የድርጅቱን ኢሜይል መጠቀም ካልፈለገ መልሱን አግኝተሻል። እስካሁን የጻፈውን ሁሉ ቀኑና ሰዓቱ በሚታይበት ሁኔታ የስክሪን ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪ፤ ላኪው ከሁለታችሁም ስልክ ላይ መልእክቱን ሊያጠፋው ይችላልና ቀድመሽ አድርጊው። ኤጀንሲ ውስጥ ከሆነ ኃላፊ አለው፤ ለእሱ ጻፊ። ክፍት ቦታው እውነተኛ ከሆነ ኃላፊው ሌላ ወኪል ይመድብልሻል። የቅዳሜ ማታውን ቀጠሮ አትሂጂ። ቃለ መጠይቅ በቢሮ ወይም በቪዲዮ ይደረጋል፤ በሥራ ሰዓት ላይ ያሉ ዕጩዎችንም ቢሆን ከሥራ መውጫ ላይ ቢሮ ውስጥ እናገኛቸው ነበር።

ፍትሕ ለሠራተኛ

ይህ ላይ የቀድሞ ወኪልን እደግፋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ማታ እያጣደፈ የመታወቂያ ቅጂ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ወይም «የምዝገባ ክፍያ» የሚጠይቅ ካለ ወኪል አይደለም ብላችሁ ጀምሩ። ጥድፊያው ራሱ ዘዴው ነው፤ ድርጅቱን ደውላችሁ የምትጠይቁበት ሰዓት እንዳይኖራችሁ ነው ማታ የሚመጣው።

ሮማን

አመሰግናለሁ። ፎቶዎቹን አንሥቻለሁ። ለኃላፊው መጻፉን ግን ገና አልወሰንኩም፤ ዘርፋችን ጠባብ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል። ላስብበት።

ማለዳ

ተመልሼ መጣሁ። መልእክቱን በምሳ ሰዓት ላክሁላት፤ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። «እሺ፣ ጥሩ ነው፤ መዝግቤዋለሁ» ብላ ወዲያው መለሰች። ምንም ቅሬታ የለም። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ሁሉ በከንቱ ነበር። ከዚያ በኋላ በሥራ ቀናት የምትጽፈው በሰጠኋት ሰዓት ውስጥ ነው፤ አንዳንዴ ልክ 11፡30 ላይ ይገባል፤ ጠብቃ እንደምትልከው ያስታውቃል።

ቅዳሜ ግን አልተወችም። ባለፈው ቅዳሜ እንደገና ረጅም የድምፅ መልእክት ላከች። አልከፈትሁትም። ግን ሰኞ ምን ልበላት? መልእክቱን እንዳልሰማሁ ልንገራት? ወሰኑን ላስታውሳት?

የቀድሞ ወኪል

ለመጀመሪያው አታስታውሻት። ሰኞ በምሳ ሰዓት መልእክቱን ክፈቺና ለተጠየቅሽው ብቻ መልሺ፤ «የቅዳሜውን አሁን ሰማሁት» ብለሽ ጀምሪ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ግቢ። ያቺ አንዲት ሐረግ ሥራዋን ትሠራለች። ወኪሏ ቅዳሜ የላከችው መልስ የሚያገኘው ሰኞ መሆኑን በተግባር ታያለች፤ ብዙዎቹ ከዚህ በኋላ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መላክ ይጀምራሉ፤ ምክንያቱም መልሱን ቀድመው ያገኙታል።

የሚቀጥለውም ቅዳሜ ከደገመች ያኔ አንድ ጊዜ ተናገሪ፤ ቅሬታ ሳይሆን ጥያቄ አድርገሽ። «የድምፅ መልእክቶችን በሥራ ቦታ መስማት አልችልም፤ በጽሑፍ ቢልኩልኝ በምሳ ሰዓት እመልሳለሁ።» እውነትም ነው፣ እሷንም ይጠቅማታል። ረጅም ድምፅ የምትልከው መጻፍ ስለሰለቻት ነው፤ መጻፍ ግድ ሲሆንባት መልእክቷ ያጥራል፤ ቅዳሜ የምትልከውም ይቀንሳል።

የሚያበላሸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ቅዳሜ ዝም ብሎ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወዲያው መመለስ። ያኔ የምትማረው «አንዳንዴ ይሠራል» የሚለውን ነው፤ አንዳንዴ የሚሠራ ነገር ደግሞ ሰው አይተውም። በተለይ መጀመሪያ አካባቢ ያልሽውን ሰዓት ራስሽ አክብሪው፤ መልሱን ብታውቂውም፣ ነቅተሽ ብትሆኚም።

ተግባር

ጥሩ ሆኖልሻል፤ ደስ ብሎኛል። እኔ ግን አሁንም ጥያቄ አለኝ። ማለዳ የተፈለገ ሙያ አላት፤ ወኪሏ ልታጣት አትፈልግም። ለአንድ ቦታ ብዙ ሰው በሚወዳደርበት፣ ልምድ በሌለው ሰው ላይ ይህ ይሠራል? ወኪሉ ሰዓት የማይቆጥረውን ሌላ ዕጩ ቢመርጥስ?

የቀድሞ ወኪል

ሊመርጥ ይችላል፤ አልዋሽህም። ብዙ ዕጩ ያለበት ቦታ ላይ ቀድሞ የመለሰ ሰው ስሙ ቀድሞ ይገባል፤ እኔም እንዲህ አድርጌአለሁ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሰዓቱን ሰፋ ማድረግ ይሻላል፤ ለምሳሌ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ እሁድ ከሰዓት በኋላም አንድ ሰዓት ያህል። ሰፊም ቢሆን የተነገረ ሰዓት ካልተነገረው ይሻላል።

አንተ የነገርከን ዓይነት የእሁድ ማታ ጥድፊያ ሲመጣ ደግሞ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ «ድርጅቱ መልስ የሚፈልገው እስከ መቼ ነው?» ብዙ ጊዜ «እስከ ነገ ጠዋት» የሚለው ቀነ ገደብ የድርጅቱ አይደለም፤ ወኪሉ ከሌላ ኤጀንሲ ለመቅደም ያወጣው ነው። እንዲህ ሲጠየቅ «እስከ ማክሰኞ ይቻላል» ያለኝ ባልደረባ ብዙ ነበር። እውነተኛ ከሆነም ቀኑን ይነግርሃል፤ ያኔ መመለሱ ያዋጣል። ግን ሁልጊዜ ይሠራል አልልም።

ተግባር

የእኔው እሁድ እውነተኛ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ያኔ ይህን ጥያቄ አልጠየቅሁም።

ባሕር ማዶ

እኔ የምጠይቀው ትንሽ ለየት ይላል። ወኪሌ ያለው በሌላ አገር ነው። ለእሱ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ለእኔ ሌሊት ነው፤ በዚያ ላይ እሁድን እንደ ሥራ ቀን ነው የሚያየው። እሱ በራሱ የሥራ ሰዓት ነው የሚጽፈው። ይህንን ሰው «ከሥራ ሰዓት ውጭ አትጻፍ» ማለት ይገባል?

የቀድሞ ወኪል

እሱን «አትጻፍ» አትበለው፤ ምንም አላጠፋም። አንዳንድ አገሮች ዓርብና ቅዳሜ አርፈው እሁድ ሥራ ይጀምራሉ፤ ለእሱ እሁድ እንደ እኛ ሰኞ ነው። መልእክቱ ሌሊት ቢመጣም ውይይቱን ድምፅ አልባ ካደረግኸው አይነካህም። የሚያስፈልገው ሁለታችሁም የነቃችሁበትን ጥቂት ሰዓት ፈልጎ መስጠት ነው። ሰዓቱን በአንተም በእሱም አገር አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፈው፤ በአንድ ብቻ ከሰጠኸው ሲያሰላ ይሳሳታል፤ የበጋ ሰዓት የሚቀይር አገር ከሆነ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ልዩነቱ በአንድ ሰዓት ይለወጣል። የቃለ መጠይቅ ቀጠሮን ግን በውይይት መተግበሪያ ብቻ አትቀበል፤ የቀን መቁጠሪያ ግብዣ በኢሜይል እንዲልክልህ ጠይቀው። ግብዣውን ስትከፍተው ስልክህ ሰዓቱን ወደ አንተ አገር ይቀይረዋል።

ባሕር ማዶ

የቀን መቁጠሪያውን ዛሬ እጠይቀዋለሁ። የጋራ ሰዓታችንን ስፈልግ ያገኘሁት ግን ለእኔ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ያለውን ብቻ ነው። ለእሱ ያኔ የሥራ ቀኑ መጨረሻ ነው። ይበቃ ይሆን?

የቀድሞ ወኪል

ለመልእክት ይበቃል። ለቃለ መጠይቅ ከፈለጉህ ግን ሌላ ሰዓት እንዲያመቻቹ ድርጅቱን ራሱ እንዲጠይቅልህ ንገረው፤ ጠያቂዎቹ በቀኑ መጨረሻ ደክመው ሲያገኙህ ለአንተ ጥሩ አይደለም።